ኮምፕረሰሩን ገና አትግዛ

«ሰላም ወንድሜ። የ2011 መርሴዲስ ጂኤል 450 አለኝ፤ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ ጠዋት ስወጣ የፊት ግራው በኩል ወርዶ አገኘዋለሁ። ሳስነሳው ትንሽ ቆይቶ ይነሳል። ዳሽቦርዱ ላይ AIRMATIC Visit Workshop የሚል ጽሑፍ መጥቶ ነበር፤ በማግስቱ ጠፋ። አንድ መካኒክ በስልክ ‹ኮምፕረሰሩ ነው፣ እሱን ቀይር› አለኝ። አሁን እጄ ላይ ገንዘብ የለም። የታክስ ሪፈንዴ እስኪመጣ እንዲሁ ብነዳው ምን ይመጣል?»

ሰላም ወንድሜ። ኮምፕረሰሩን ገና አትግዛ። መኪናህ በአየር የሚቆም ነው፣ AIRMATIC የሚለው እሱን ነው፤ አየሩን የሚሞላው ደግሞ ኮምፕረሰሩ ነው። አንተ ከጻፍከው ብነሳ፣ መኪናህ ውስጥ እስካሁን በደንብ እየሠራ ያለው እሱ ነው። በየጠዋቱ ያን ሁሉ ክብደት ከመሬት የሚያነሳልህ ማን ሆነና? ኮምፕረሰሩ የሞተበት መኪና እንደወረደ ይቀራል። ደግሞ ኮምፕረሰሩ አንድ ነው፣ አራቱንም ጎማ የሚያገለግለው እሱ ብቻ ነው። ጥፋቱ የእሱ ቢሆን የፊት ግራው ብቻ ለምን ይወርዳል? አንድ ጥግ ለብቻው እየወረደ የሚያድር ከሆነ፣ በዚያ ጥግ አየር የሚያፈስ ነገር አለ። ኮምፕረሰሩ የሌላውን ዕዳ እየከፈለ ነው።

የሪፈንዱን ነገር በተመለከተ ግን ጥሩ ዜና የለኝም። ሪፈንድ እስኪመጣ ማለት ክረምቱን በሙሉ ማለት ነው። ለዚህ ብልሽት ደግሞ ከክረምት የከፋ ጊዜ የለም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

አገር ቤት ሞላ የምንለው ነገር መኪናህ ላይ የለም። በሞላው ቦታ አየር የተሞላ ወፍራም ላስቲክ አለ። ከፊት ላስቲኩና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ሲቀየሩም አብረው ነው። ከኋላ ላስቲኩ ለብቻው፣ ሾኩም ለብቻው ነው። ኮምፕረሰሩ አየር ይጨምቅና ቫልቭ ብሎክ ወደሚባል አከፋፋይ ይልካል። ከዚያ በቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦ ወደ አራቱ ጥግ ይሄዳል። በየጎማው አጠገብ ከፍታ የሚለካ ሴንሰር አለ። ኮምፒውተሩ የሴንሰሮቹን ንባብ እያየ «እዚህ ጨምር፣ እዚያ ቀንስ» ይላል። የጎማህ አየር 35 ፒኤስአይ አካባቢ ከሆነ፣ በዚህ ላስቲክ ውስጥ ያለው ከዚያ ሦስትና አራት እጥፍ ነው። ያን ያህል ግፊት ይዞ፣ በየጉድጓዱ እየታጠፈና እየተዘረጋ፣ ከ10 ዓመት በላይ የኖረ ላስቲክ ቢሰነጠቅ የሚገርም አይደለም።

በነገራችን ላይ እዚህ ብዙ ሰው ላስቲኩን «ኤር ባግ» ይለዋል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት መሪውን ራቅ አድርገው ይዘው፣ ወገባቸውን ወደ ኋላ ሰብቀው እየነዱ መጡ። «ኤር ባጉ ተበላሽቷል ብለውኛል፣ ፊቴ ላይ እንዳይፈነዳ ብዬ ነው» አሉኝ። ያኛው ሌላ ነው። ይሄኛው ፊት ላይ አይፈነዳም፣ ኪስ ላይ ነው የሚፈነዳው።

አሁን ወደ መብራቱ። መጥቶ መጥፋቱ አታልሎሃል። ኮምፒውተሩ ኮምፕረሰሩ ለምን ያህል ጊዜ እንደሠራ ይቆጥራል። ይህ ኮምፕረሰር የተሠራው ለአጭር ሥራ ነው፤ ትንሽ ሠርቶ ረጅም ጊዜ ለማረፍ። ከልኩ በላይ ከሠራ እንዳይቃጠል ያስቆመውና መብራቱን ያበራል። አድሮ ሲቀዘቅዝ ደግሞ «እስቲ እንደገና ሞክር» ይለዋል። ያን ቀን ከፍታው ላይ ከደረሰ መብራቱ ይጠፋል። አልዳነም፣ አረፈ እንጂ። የብልሽቱ ኮድ ግን በአብዛኛው የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መኪናውን የሚያይልህ ሰው ኮዱን ከማጥፋቱ በፊት ያንብብ፣ አንተም በስልክህ ፎቶ አንሳው። ሳያነብ የሚያጠፋ መካኒክ መረጃህን ነው የሚያጠፋብህ።

ዛሬ ማታ አንድ ሥራ ልስጥህ። ዋጋው የአንድ ሜትር ዋጋ ነው። መኪናውን ሜዳ ቦታ ላይ አቁም። ተዳፋት ላይ ከሆነ ልኩ ይዋሻል። ሞተሩን ከማጥፋትህ በፊት በትክክለኛው ከፍታው ላይ መሆኑን አረጋግጥ። ከጎማው መሀል፣ ማለት መርሴዲስ ምልክቱ ካለበት ነጥብ፣ ቀጥ ብለህ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ። አራቱንም ለካና ጻፍ። ከመሬት ተነስተህ አትለካ፤ የጎማ አየር ካነሰ ያ ራሱ ልኩን ያበላሻል።

ጠዋት ስትመለስ መኪናውን ሳትከፍት ለካ። ቁልፉንም አትጫን፣ በሩንም አትንካ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሩ ሲከፈት ኮምፒውተሩ ከእንቅልፉ ሊነቃና ከፍታውን ማስተካከል ሊጀምር ይችላል። ከዚያ በኋላ የምትለካው የሌሊቱን ፍሳሽ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ያስተካከለውን ነው።

የእኔ ልማድ እንዲህ ነው። አንድ ሌሊት አድሮ ልዩነቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ አልጨነቅም። አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል። ማታ 20 ዲግሪ የነበረው ጠዋት ዜሮ ከገባ፣ ምንም ሳያፈስ ግፊቱ ከመቶ ሰባት ያህል ይወርዳል። ግን ብርዱ ሲያወርድ አራቱንም ነው የሚነካው፣ አንዱን ጥግ መርጦ አያወርድም። አንዱ ጥግ ከሌሎቹ ተለይቶ አንድ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ ያ ፍሳሽ ነው። ሁለቱም የፊት ወይም ሁለቱም የኋላ አብረው ከወረዱ፣ ወይም ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ከሆነ፣ ቫልቭ ብሎኩን እጠረጥራለሁ። መኪናው ዘመም ብሎ ማታም ጠዋትም ልኩ አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አየር አልጠፋም። ያኔ የሴንሰሩን ዘንግ እይ። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ መጋጠሚያ ተሰብራ ሊሆን ይችላል። ያ ርካሽ ጉዳይ ነው፤ ላስቲክ ገዝተህ ከሆነ ግን አለቀልህ።

ይህን የሚያነብ የላንድ ሮቨር ዲስከቨሪ 3 ባለቤት ካለ አንድ ነገር ይወቅ። ያ መኪና ቆሞ እያለም በየጥቂት ሰዓቱ ይነቃና፣ አንዱ ጥግ ወርዶ ካገኘ ሌሎቹንም ከእሱ ጋር እኩል ያወርዳቸዋል። ጠዋት አራቱም ወርደው ታገኛቸውና «ኮምፕረሰሩ ነው» ትላለህ፣ የሚያፈሰው ግን አንዱ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ከመተኛትህ በፊት የሰስፔንሽኑን ፊውዝ ነቅለህ ለካ።

ሜትሩ የትኛው ጥግ እንደሆነ ይነግርሃል። የቱ ጋ እንደሚያፈስ የሚነግርህ ሳሙና ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከውሃ ጋር በመርጫ ጠርሙስ በጥብጥ። አንተ ማየት የምትችለው ከጎማው ጀርባ ያለውን ብቻ ነው፤ መሪውን ወደ አንድ በኩል አዙረህ፣ ሞተሩን አጥፍተህ እርጭ። እጅህን ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል አታስገባ። አየሩ በድንገት ከወጣ መኪናው እጅህን አይጠብቅም። ከሥር መግባት ካስፈለገ ያ የጋራዥ ሥራ ነው። በክሪክ ብቻ ተነስቶ ማንም ከሥሩ አይገባም፤ ይህ ሕግ ለሁሉም መኪና ነው፣ በአየር ለሚቆም መኪና ደግሞ እጥፍ ነው።

የፊቱ ላስቲክ በአቧራ መከላከያ ስለተሸፈነ፣ ውሃው ወደ ታችኛው እጥፋት እንዲገባ ቀስ ብለህ ማርጠብ ይኖርብሃል። አብዛኛው ስንጥቅ እዚያ እጥፋት ላይ ነው። ስንጥቁ ገና ትንሽ ከሆነ የሚወጣው አረፋ የእንጀራ ዓይን ያክላል፤ ተሰብስቦ ቀስ እያለ ያድጋል። አትቸኩል፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ። አንድ ሌላም ነገር አለ። ላስቲኩ ከፍ ሲልና ዝቅ ሲል የሚታጠፈው ሌላ ሌላ ቦታ ላይ ነው። በተለመደው ከፍታ ምንም አረፋ ካልታየ፣ ከፍ ማድረጊያውን ተጭነህ እንደገና ሞክር። «ረጭቼ ምንም አላገኘሁም» ብሎ የመጣ ሰው መኪና ላይ ይህን አድርገን ያገኘነው ብዙ ነው።

ደግሞ ተስፋ የሚሰጥም አለ። የቱቦውን መግቢያ፣ ከላስቲኩ አናት ያለውን ማለት ነው፣ እዚያም እርጭ። አንዳንዴ የሚያፈሰው እዚያ ነው። ቱቦው ጥቂት ሚሊ ሜትር ተቆርጦ አዲስ መጋጠሚያ ሲገባለት ያልቃል። የዕቃው ዋጋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ገንዘብ የለኝም ብለህ ሳታስመረምር የምትቆይ ከሆነ፣ ምናልባት የምትፈራው ሂሳብ ጭራሽ የለም ማለት ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄህ ላይ ደረስን፤ ብቆይስ?

ላስቲክህ ሲያፈስ የሚጎዳው ላስቲኩ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም «ቆይ» እልህ ነበር። የተሰነጠቀ ላስቲክ ዛሬም ነገም ዋጋው ያው ነው። ችግሩ ያ ላስቲክ ሌሎቹን ይዞ መሄዱ ነው። መጀመሪያ ኮምፕረሰሩ። በጤናማ መኪና ጠዋት ትንሽ ሠርቶ ያርፋል። አንተ ዘንድ ግን የሌሊቱን ጉድለት ይሞላል፣ እየነዳህም የሚያመልጠውን ይተካል። ውስጡ ያለው ፒስተን ቀለበት በሙቀት ያልቃል። ቀለበቱ ባለቀ ቁጥር ያንኑ ሥራ ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ረዘም ባለ ቁጥር ይበልጥ ይሞቃል። አዙሪት ነው።

ሁለተኛው ሪሌው ነው። ኮምፕረሰሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ሳጥን። ኮምፕረሰሩ በተነሳ ቁጥር ውስጡ ያሉት ሁለት የብረት ጫፎች ብልጭ ይላሉ። በቀን ጥቂት ጊዜ እንዲሠራ የታሰበ ነገር በቀን ብዙ ጊዜ ሲሠራ ጫፎቹ ይቃጠላሉ፣ አንድ ቀን ደግሞ ይጣበቃሉ። ከተጣበቁ ሞተር ብታጠፋም፣ ቁልፍ ብትነቅልም ኮምፕረሰሩ አይቆምም። ባትሪው እስኪያልቅ ወይም ራሱ እስኪቃጠል ይሠራል። የዚህ ሪሌ ዋጋ ከሁሉም ዕቃ ትንሹ ነው። የሚያደርሰው ጉዳት ግን ትንሽ አይደለም።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ መካኒክም ጭምር። ኮምፕረሰሩ ከውጭ አየር ሲስብ እርጥበትም አብሮ ይስባል። ስለዚህ ከጎኑ ማድረቂያ አለ። ውስጡ፣ አዲስ ጫማ ስንገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምናገኛት «አይበላም» የምትለዋ ትንሽ ከረጢት የያዘችውን የመሰለ ፍሬ አለ። ፍሬው እርጥበቱን ይጠጣል። የሚጠጣው ግን መጠን አለው። ታዲያ እንዴት 10 ዓመት ይቆያል? መኪናው ዝቅ እንዲል ሲደረግ ከላስቲኩ የሚወጣው አየር በመጣበት መንገድ ይመለስና በማድረቂያው ውስጥ አልፎ ነው የሚወጣው። ያ አየር ደረቅ ነው። ሲያልፍ የፍሬውን እርጥበት ይዞለት ይወጣል። ስለዚህ መሙላቱና መልቀቁ በተፈራረቀ ቁጥር ማድረቂያው ራሱን እያደረቀ ይኖራል።

የሚያፈስ ላስቲክ ሲኖር ግን አየሩ በስንጥቁ ይወጣል እንጂ ወደ ማድረቂያው አይመለስም። እርጥብ አየር ይገባል፣ ይገባል፣ ይገባል፤ ደረቁ አይመለስም። ፍሬው ጠጥቶ ይጠግባል። ከዚያ በኋላ እርጥበቱ አልፎ ወደ ቱቦውና ወደ ቫልቭ ብሎኩ ይሄዳል። ቫልቭ ብሎኩ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ነገሮች በጣም ጥቃቅን ናቸው፤ ይዝጋሉ፣ ሲዘጉም በደንብ አይገጥሙም። ቨርጂኒያ ጃንዋሪ ላይ ደግሞ ያች ጠብታ ውሃ በረዶ ትሆናለች። በረዶ የዘጋው ቱቦ ላይ ኮምፕረሰሩ እየገፋ ይጨነቃል። ክረምት ለዚህ መጥፎ ነው ያልኩህ ለዚህ ነው። ላስቲክም በብርድ ይደርቃል፤ ኦክቶበር ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነው ስንጥቅ በመጀመሪያው ውርጭ ይከፈታል።

የአንድ ደንበኛዬን ነገር ልንገርህ። መኪናው የአንተው ዓይነት ነው፣ የ2010። እንደ አንተው አንድ የፊት ጥግ ነበር። ኦክቶበር ላይ መጣ፤ ስንለካው በአንድ ሌሊት 2 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የፊቱን ከነሥራው 750 ዶላር አልኩት። «ከገና በኋላ» አለኝ። የፈረንጁን ገና መስሎኝ ነበር፣ ለካ የኛን ነው። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ዘይት ሊቀይር ሲመጣ በራሴ ሜትር ለካሁት፤ 5 ሴንቲ ሜትር። «ሳስነሳው ይነሳል እኮ» አለኝ። ይነሳል፣ ግን ለመነሳት የሚፈጅበት ጊዜ ረዝሟል። ቆሜ ሰዓቴን እያየሁ ጠበቅኩ፣ እሱም ጠበቀ። ሁለታችንም ዝም አልን።

በዲሴምበር ለበዓል አገር ቤት የሚሄዱ ዘመዶቹን ደለስ ኤርፖርት ማድረስ ነበረበት። ያን ጉዞ ታውቀዋለህ። አንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ አራት ሰው ሲሆን 184 ኪሎ ሻንጣ ብቻ ነው። ሰው አልቆጠርኩም፣ ሊሸኝ አብሮ የሚሄደውንም አልቆጠርኩም። ጭነቱ ሲያወርደው ኮምፒውተሩ ለማንሳት ኮምፕረሰሩን አስነሳ። የተዳከመው ኮምፕረሰር መንገዱን ሁሉ ሲሠራ ሄደ። መብራቱ መጣ። ሻንጣው ወርዶ ሲመለሱ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ከመኪናው ሥር የሚያጉረመርም ድምፅ ሰማች ሚስቱ። የጎረቤት ማሞቂያ መሰላት። ጠዋት መኪናው በአንድ ጎኑ ጎማው ላይ ተቀምጧል፣ ባትሪው ቀጥ ብሏል። ሪሌው ተጣብቆ ኮምፕረሰሩ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ተቃጥሏል። በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ መጣ። ቱቦውን ከቫልቭ ብሎኩ ስነቅለው መጀመሪያ ውሃ ጠብ አለ። ቀጥሎ ነጭ ዱቄት መዳፌ ላይ ቀረ፣ የተፈጨ ጨው ይመስላል። ያ የማድረቂያው ፍሬ ነው። ጠግቦ፣ ተፈርፍሮ፣ በአየሩ ተገፍቶ ቫልቭ ብሎኩ ውስጥ ገብቷል።

ሂሳቡ ይኸው። የፊቱ ያው 750። ኮምፕረሰርና ሪሌ ከነሥራው 620። ቫልቭ ብሎክ 380። ባትሪ 230። መጎተቻ 160። ድምሩ 2,140 ዶላር። በኦክቶበር 750 የነበረው ማለት ነው። ሥራ የቀረበትን ቀን አልጨመርኩም። ዋጋው እንደ ቦታውና እንደ ዕቃው ይለያያል፣ አንተ ጋ ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ብዙም አይለያይም።

ያ በስልክ የመከረህ ሰው ምክር ደግሞ ከመቆየትም ይብሳል። አዲስ ኮምፕረሰር ገጥመህ የሚያፈሰውን ላስቲክ ከተውከው፣ መኪናው ለጥቂት ሳምንት እንደ አዲስ ቶሎ ይነሳል። ደስ ይልሃል። አዲሱ ግን የሚሠራው የአሮጌውን ሥራ ነው፣ በአሮጌው መንገድ ይሞታል። ሁለት ኮምፕረሰር ከፍለው ሦስተኛውን ሊገዙ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ። ላስቲኩን ያየላቸው አልነበረም።

እስከዚያው ብነዳውስ ላልከው፣ ምርመራው እስኪያዝልህ ድረስ ለጥቂት ቀን፣ እንዲህ ከሆነ ንዳው። ሳትንቀሳቀስ ቆመህ እስኪነሳ ጠብቅ። Vehicle Rising የሚል ካሳየህ ይጨርስ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ቢረፍድባቸውም ይጨርስ። ሻንጣ አትጫን፣ የኋላ ወንበሩን በሰው አትሙላ። በቀይ STOP Vehicle Too Low ካለህ ግን ጥግ ያዝና ቁም። መኪናው ላስቲኩ ባዶ ሆኖ ከተነዳ ላስቲኩ በብረቶቹ መካከል ተጨምቆ ይቆረጣል፣ ሾኩም ይመታል። ጎማውም ወደ ውስጥ ያዘነብልና የውስጥ ጠርዙ ያልቃል። ከፊት ቆመህ ስታየው አይታይህም፣ ጎንበስ ብለህ ከውስጥ በኩል ማየት አለብህ። ፓራፋንጎው ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ መብላት ከጀመረማ በመሪው ይሰማሃል። ሲጎተትም አራቱም ጎማ ከመሬት የሚነሳበት የጭነት መኪና ጠይቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ልመድ። ሞተሩን አጥፍተህ ስትወርድ ለአንድ ደቂቃ አዳምጥ። ከፊት በቀኝ በኩል የሚያጉረመርም ነገር ካልቆመ፣ የኮምፕረሰሩን ፊውዝ ንቀል። የትኛው እንደሆነ የፊውዝ ሳጥኑ ሠንጠረዥ ላይ አለ፣ አሁን በቀን ብርሃን ፈልገህ ምልክት አድርግበት። በሌሊት በስልክ መብራት አትፈልገው።

ስለ ጥገናው ጥቂት ልበልና ላብቃ። የፊቱን ስታስቀይር አንድ ጥያቄ መካኒኩን ጠይቀው፤ «አየር የምትሞላው መቼ ነው?» በለው። ትክክለኛው መልስ «ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ፣ መኪናው ከመውረዱ በፊት፣ በኮምፒውተር» ነው። ባዶ ላስቲክ ላይ የመኪናው ክብደት ካረፈ አዲሱ ላስቲክ ተጣጥፎ ይጎዳል፤ ገና ከካርቶኑ የወጣውን ዕቃ እዚያው ገደልከው ማለት ነው። «አውርጄ ሞተር አስነሳለሁ፣ ራሱ ይሞላል» ካለህ ቁልፍህን ተቀበልና ሂድ። ከዚያ ከፍታው ተለክቶ በኮምፒውተር ይስተካከል።

ሪሌውን ላስቲኩ ሲቀየር አብረህ ቀይረው፣ ቢሠራም። ኮምፕረሰሩን ግን ከጥገናው በኋላ ነው የምፈርድበት። ፍሳሹ ከቆመ በኋላ መኪናውን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ሲያነሳ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበትና ግፊቱ ስንት እንደሚደርስ በኮምፒውተር ይታያል። ደህና ከሆነ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ ተው።

ሌላኛውን የፊት ጎን አብሬ ልቀይር ወይ ብትለኝ፣ ገንዘብ ያለው ሰው ቢቀይር አልቃወምም፤ እኩል ያረጁ ናቸው። አንተ ግን የለኝም ብለሃል። የሚያፈሰውን ቀይር፣ ያኛውን በየወሩ በሜትር ተከታተለው። ከአሮጌ መኪና የተፈታ ላስቲክ ግን በርካሽ ብታገኘውም አትግዛ። የሸመትከው የሌላ ሰው ስንጥቅ ነው። አዲስ፣ በታወቀ አምራች የተሠራ ምትክ ዕቃ ከኩባንያው ዋጋ በጣም ባነሰ ይገኛል።

ሁሉንም አውጥተህ ወደ ተራ ሞላ ስለመቀየርም ሰምተህ ይሆናል። ኪቱ አለ፣ ይሠራልም። ግን መኪናው ጭነት ሲበዛ ራሱን አያነሳም፣ ከፍ ዝቅ ማለቱም ይቀራል፤ መብራቱም በአግባቡ ካልተያዘ ሁልጊዜ ይበራል። ሽማግሌ ሆኖ ሌላውም ነገሩ እያለቀ ላለ መኪና እኔም እመክራለሁ። ሞተሩና ማርሹ ደህና ለሆነ፣ አንድ ጥግ ብቻ ለሚያፈስ መኪና ግን አራቱን ሁሉ ነቅሎ መጣል ጥርስ ለታመመ ሰው መንጋጋ እንደ መንቀል ነው።

ዛሬ ማታ ለካ። የማታውን አራት ቁጥርና የጠዋቱን አራት ቁጥር ጻፍልኝ፣ የሌሊቱ ብርድ ስንት እንደነበረም ጨምርበት። የፊት ግራው ብቻ ከሆነ፣ ሳሙናው ከአናቱ ነው ወይስ ከእጥፋቱ አረፋ ያወጣው የሚለውን ንገረኝ። ከአናቱ ከሆነ ሪፈንዱን መጠበቅ አያስፈልግህም።